ደብረ ማርቆስ የተፈጸመ ወንጀል ሄግ ላይ ሲዳኝ

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሄግ ከተማ የሚገኝ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት እሸቱ ዓለሙ በተባለ የቀድሞ የደርግ ባለሥልጣን ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ተከሳሹ በቀይ ሽብር ዘመን የደርግ ተወካይ ሆኖ በጎጃም ክፍለ ሀገር ተመድቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ያለው ደብረ ማርቆስ ታስረው የነበሩ 75 ወጣቶች እንዲገደሉ በማድረጉ፣ እንዲሁም ከ300 በላይ ሰዎች ያለ ሕግ በታሰሩበትና በተንገላቱበት ድርጊት ባለው ተጠያቂነት ነው። የወንጀሉ ቦታ ኢትዮጵያ ነው። ተበዳዮቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ተከሳሹም በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ነበር። ኔዘርላንድስን ከድርጊቱ ጋር የሚያገናኛት ነገር አልነበረም፤ ሰውየው በኋላ ወደዚያ ተሰዶ መኖሩና ዜግነት ማግኘቱ ብቻ ነው ያገናኛት።

ታዲያ የኔዘርላንድስ ዳኛ ጎጃም ውስጥ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በተፈጸመ ወንጀል ላይ የመፍረድ ሥልጣን ከየት አገኘ? መልሱ የወንጀል ዳኝነት ሥልጣን የሚመሠረትባቸውን መነሻዎች አንድ በአንድ ማየትን ይጠይቃል።

የመጀመሪያውና የማያከራክረው መነሻ የግዛት ሥልጣን ነው። ማንኛውም አገር በድንበሩ ውስጥ በተፈጸመ ወንጀል ላይ፣ ፈጻሚው የአገሩ ሰው ሆነ የውጭ ዜጋ፣ የመዳኘት ሥልጣን አለው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰላሙ የተደፈረው ሕዝብ፣ ምስክሩ፣ ማስረጃውና የተበዳዩ ቤተሰብ የሚገኙት እዚያው ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ስለ ሥልጣን መናገር የሚጀምረው በአንቀጽ 11 ከዚሁ ነው።

ችግር የሚመጣው ድርጊቱ አንድ ቦታ ተጀምሮ ውጤቱ ሌላ ቦታ ሲደርስ ነው። በ1926 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሎተስ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ ቦዝ-ኩርት ከተባለች የቱርክ መርከብ ጋር ተጋጨች። የቱርክ መርከብ ሰጠመች፤ ስምንት ቱርኮችም ሞቱ። ሎተስ ኢስታንቡል ስትደርስ ቱርክ በግጭቱ ሰዓት ተረኛ የነበረውን ፈረንሳዊ መኮንን ይዛ ከሰሰች። ፈረንሳይ ተቃወመችና ጉዳዩ ሄግ ወደሚገኘው የዚያን ጊዜው ቋሚ የዓለም ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኞቹ ስድስት ለስድስት ተከፈሉ፤ ቱርክ የረታችው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ነው። ፍርዱ የወንጀሉ ውጤት በቱርክ መርከብ ላይ ስለደረሰ በቱርክ ምድር እንደተፈጸመ ይቆጠራል አለ። ከዚህም አልፎ አንድ አገር የሚከለክለው የዓለም አቀፍ ሕግ ደንብ እስካልተገኘ ድረስ ከድንበሩ ውጭ በተፈጸመ ድርጊት ላይ ሕጉን ሊዘረጋ ይችላል የሚል አስተሳሰብ አስቀመጠ። አገሮች መርከብ ለመርከብ ሲጋጭ የሚሠራውን ደንብ በኋላ በስምምነት ቀይረውታል፤ ዛሬ በእንዲህ ያለ ግጭት መኮንኑን የሚከሰው የመርከቧ ባንዲራ ወይም የመኮንኑ ዜግነት አገር ነው። ፍርዱ ያነሳው ትልቁ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አንድ አገር ሥልጣን አለኝ ለማለት ፈቃድ የሚሰጥ ደንብ ማሳየት አለበት ወይስ ተቃዋሚው ነው ክልከላውን የሚያሳየው? በሚከተሉት ክርክሮች ሁሉ ሥር ያለው ይህ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መነሻ ዜግነት ነው። ዜጋ ውጭ አገር ሄዶ ወንጀል ቢሠራ የራሱ አገር ሊከሰው ይችላል፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። የሚያከራክረው የተገላቢጦሹ፣ ማለትም የተበዳዩን ዜግነት መነሻ ማድረግ ነው። ለአንድ የውጭ አገር ሰው በገዛ ምድሩ የሠራው ሥራ በተጎጂው ፓስፖርት የተነሣ በማያውቀው ሕግ ሊያስዳኘው መቻሉ ለረጅም ጊዜ ተገቢ ያልሆነ ሲባል ቆይቷል። ሽብርተኝነት ከተስፋፋ ወዲህ ግን ቀድሞ የተቃወሙት አገሮች ሳይቀሩ ተቀብለውታል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 18 ሁለቱንም ያካተተ ሲሆን፣ ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች ሕግ ወንጀል መሆኑንና ከባድነቱን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ከእነዚህ ጎን አገሮች ራሳቸውን የሚከላከሉበት መነሻም አለ፤ ገንዘብ ሐሰተኛ አድርጎ ማተም፣ ስለላና በመንግሥት ላይ ማሤር የትም ይፈጸሙ የትም፣ የተጠቃው መንግሥት ሊከስ ይችላል። አንቀጽ 13 የዚህ ዓይነት ነው።

እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ከሳሹ አገር ከወንጀሉ ጋር የሆነ ትስስር አለው። ዓለም አቀፋዊ የዳኝነት ሥልጣን የሚባለው ግን ይህን ትስስር አይጠይቅም። የሚመሠረተው በወንጀሉ ባሕርይ ላይ ነው። የድሮው ምሳሌ የባሕር ላይ ውንብድና ነው፤ ወንበዴው የማንም አገር ሥልጣን በማይደርስበት ባሕር ላይ ስለሚዘርፍ የያዘው አገር ይዳኘው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አስተሳሰብ ወደ ሌሎች ወንጀሎች ተሸጋገረ፤ ምክንያቱ ግን ተለወጠ። የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋት፣ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልና ሰቆቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸሙት በመንግሥት ምድር፣ በመንግሥት ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ የግዛቱ ፍርድ ቤት ሊዳኝ የሚገባው ቢሆንም፣ ዳኛውን የሚሾመው አካል ራሱ ወንጀለኛው ሊሆን ይችላል። ሌላ አገር እንዲገባ የሚያደርገው ይህ ክፍተት ነው።

አንዳንድ ስምምነቶች ይህን ሥልጣን ከመፍቀድ አልፈው ግዴታ አድርገውታል። የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት ከባድ ጥሰት የፈጸመን ሰው ፈልጎ ማቅረብን፣ የ1984 የፀረ ሰቆቃ ስምምነት ደግሞ ተጠርጣሪው የተገኘበት አገር ወይ ለሚፈልገው አገር አሳልፎ እንዲሰጥ፣ ወይ ራሱ ለዓቃቤ ሕግ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። የደብረ ማርቆስ ወንጀል ግን ከሁለቱም ውጭ ነበር። የተፈጸመው ደርግ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ባደረገው የእርስ በርስ ግጭት ውስጥ ነው፤ የፀረ ሰቆቃ ስምምነቱም ገና አልተጻፈም ነበር። ኔዘርላንድስ እንድትከስ የሚያስገድዳት ስምምነት አልነበረም፤ የተጠቀመችው የራሷ ሕግ በሰጣት ፈቃድ ነው።

በዚህ ቦታ የክሱ አሠራር በቅርብ መታየት አለበት። የኢትዮጵያ ልዩ ዓቃቤ ሕግ የደርግ ባለሥልጣናትን የከሰሰው በዘር ማጥፋት ነበር፤ የ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዚሁ ስም ይቀጣ ስለነበር ነው። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም፤ የኔዘርላንድስ ሕግም እንዲሁ። በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል የሚለው ክስም ድርጊቱ ሲፈጸም በኔዘርላንድስ ሕግ አልተደነገገም ነበር፤ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀጣ አይችልም። የቀረው መንገድ የጦር ወንጀል ነው፤ በ1952 የወጣው የኔዘርላንድስ የጦርነት ወንጀል ሕግ የጦርነትን ሕግ የጣሰ ማንኛውም ሰው፣ የትም ቢፈጽም፣ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዓቃቤ ሕጉ እስረኞቹ መገደላቸውን ብቻ ሳይሆን በጊዜው የትጥቅ ግጭት መኖሩን፣ ግድያውም ከዚያ ግጭት ጋር መያያዙን ማስረዳት ነበረበት። ያን ያህል ሰፊ የሚመስለው ዓለም አቀፋዊ ሥልጣን በተግባር በአገር ውስጥ ሕግ ጠባብ በር የሚያልፍ ነው። አገሩ ሕጉን በጊዜው ካላወጣ ወንጀሉ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ዳኛው እጁ ታስሯል።

ሰውየውን ለኢትዮጵያ አሳልፎ መስጠት ለምን አልተመረጠም የሚል ጥያቄ ይነሳል። እሸቱ ዓለሙ በኢትዮጵያ በሌለበት ተዳኝቶ ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ሞት ወደሚጠብቀው አገር ሰው አሳልፈው አይሰጡም። የኔዘርላንድስ ዜጋም ሆኗል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያልከሰሰ አገር መሸሸጊያ ይሆናል። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 የዕድሜ ልክ ፍርዱን አጸና።

ተጠርጣሪው እዚያው አገር መገኘቱ ለዚህ ክስ ትልቅ ክብደት ነበረው። የዳኝነት ሥልጣን በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሕግ የማውጣት፣ የመዳኘትና የማስፈጸም ሥልጣን በውስጡ ተለይተው ይገኛሉ። አንድ አገር ሕጉን ወደ ሌላ አገር ድርጊት ሊዘረጋ ይችላል፤ ፖሊሱን ግን ሊዘረጋ አይችልም። እስራኤል አዶልፍ አይክማንን በ1960 ከአርጀንቲና አፍና ስትወስድ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እስራኤል ለአርጀንቲና ተገቢውን ካሣ እንድትሰጥ ጠየቀ። በኋላ የእስራኤል ፍርድ ቤት ዳኘው፤ ከመሠረተባቸው ነጥቦች አንዱም ዓለም አቀፋዊ ሥልጣን ነው። የመያዙ መንገድ ስሕተት መሆኑና የመዳኘት ሥልጣን መኖሩ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ይህ ክስ ያሳያል። ኢትዮጵያውያን ይህን በሌላ በኩል ያውቁታል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት ተፈርዶበታል፤ የኢትዮጵያ ሥልጣን አላጠራጠረም፤ ዚምባብዌ ግን አሳልፋ አልሰጠችም። ፍርዱ አለ፤ አስፈጻሚ የለም።

የአገሮች ክርክር የሚጀምረው እዚህ ነው። ዘር ማጥፋት ሊቀጣ አይገባም የሚል መንግሥት የለም። የሚለያዩት ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ በሚለው ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ተጠርጣሪው አገር ውስጥ ሳይገኝ ክስ መመሥረት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ቤልጅየም በ1993 ባወጣችውና በ1999 ባሰፋችው ሕግ ይቻላል ብላ ነበር፤ ተጠርጣሪው ቤልጅየምን ረግጦ ባያውቅም፣ ተበዳዩም ቤልጅየማዊ ባይሆን፣ አቤቱታ ይቀርባል፣ መርማሪ ዳኛም ያጣራል። በሕጉ የተጀመረው ሥራ መጥፎ አልነበረም። በ2001 በሩዋንዳው ዕልቂት የተሳተፉ፣ ቤልጅየም ውስጥ የተገኙ አራት ሩዋንዳውያን ተዳኝተዋል። ከዚያ በኋላ ግን አቤቱታው በዝቶ በዓለም ላይ ባሉ መሪዎች ላይ፣ በእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አሪየል ሻሮንና በአሜሪካ ባለሥልጣናት ላይ ጭምር ይቀርብ ጀመር። አሜሪካ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከብራስልስ ሊነሳ እንደሚችል አስጠነቀቀች። ቤልጅየም በ2003 ሕጉን ሰርዛ ከአገሩ ጋር ትስስር በሚጠይቅ ሌላ ሕግ ተካችው። ስፔንም በተመሳሳይ የዲፕሎማሲ ጫና በ2009ና በ2014 ሕጓን አጥብባለች።

ሁለተኛው ነጥብ በሥልጣን ላይ ያለ ባለሥልጣን ያለመከሰስ መብት ነው፤ ፍርድ ቤት በግልጽ የወሰነበትም ይህ ነው። የቤልጅየም መርማሪ ዳኛ በሚያዝያ 2000 በወቅቱ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩት በአብዱላዬ የሮዲያ ንዶምባሲ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ክሱ በ1998 ሕዝቡን በቱትሲዎች ላይ አነሳስተዋል የሚል ነበር። ኮንጎ ቤልጅየምን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ መጀመሪያ ሁለት ነገር አነሳች፤ ቤልጅየም እንዲህ ያለ ሥልጣን የላትም፤ ሚኒስትሩም አይከሰሱም። በመጨረሻው ክርክሯ ግን የመጀመሪያውን ትታ ሁለተኛውን ብቻ ያዘች። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2002 ሲፈርድ ስለ ዓለም አቀፋዊ ሥልጣን ወሰን ምንም አልወሰነም። በ13 ለ3 ድምፅ የወሰነው በሥልጣን ላይ ያለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሌላ አገር ፍርድ ቤት፣ ክሱ የጦር ወንጀል ቢሆንም እንኳ፣ አይያዝም አይከሰስም የሚለውን ነው፤ ማዘዣው እንዲሻርም አዘዘ። የፍርዱ ምክንያት ሚኒስትሩ ለአገሩ ሥራ መጓዝ ካልቻለ የመንግሥታት ግንኙነት ይቋረጣል የሚል ነው። ይህ ጥበቃ ሰውየው ከሥልጣን ሲወርድ በከፊል ይነሳል፤ በራሱ አገር ፍርድ ቤትና ሥልጣን ባላቸው ዓለም አቀፍ ችሎቶችም አይሠራም።

ትልቁ ጥያቄ ያለ ፍርድ ቢቀርም ዳኞቹ በግል አስተያየታቸው ተለያዩ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፈረንሳዊው ጊዮም ተጠርጣሪው በሌለበት የሚወሰድ ዓለም አቀፋዊ ሥልጣንን ዓለም አቀፍ ሕግ አያውቀውም አሉ። ሂጊንስ፣ ኮይማንስና ቡርገንታል በጋራ ደግሞ የሚከለክለው ደንብ የለም፤ ነገር ግን ያለመከሰስ መብት ይከበር፣ ክሱ መጀመሪያ ለተጠርጣሪው አገር ይቅረብ፣ የሚመራውም ከመንግሥት ነጻ የሆነ ዓቃቤ ሕግ ይሁን አሉ። በሎተስ ክስ የተነሳው ጥያቄ ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ እዚያው ሄግ ላይ ተመልሶ ተነሳ፤ መልሱም አልተገኘም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሕግ ይልቅ የእምነት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ መቀመጫውን ያደረገው የአፍሪካ ኅብረት በ2008 ባወጣው ውሳኔ የአውሮፓ ዳኞች በአፍሪካ ባለሥልጣናት ላይ ሥልጣኑን ያለ አግባብ እየተጠቀሙበት ነው አለ። ቁጣውን ያቀጣጠለው የፈረንሳይና የስፔን ዳኞች በሩዋንዳ መሪዎች ላይ ያወጡት የእስር ማዘዣ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር የሩዋንዳ ፕሬዚዳንት የፕሮቶኮል ኃላፊ ሮዝ ካቡዬ ፍራንክፈርት ላይ ተይዘው ለፈረንሳይ ተሰጡ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የፈረንሳዩ ማዘዣ መነሻ ዓለም አቀፋዊ ሥልጣን አለመሆኑ ነው። የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ሃቢያሪማና አውሮፕላን ሲመታ ፈረንሳውያን የበረራ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ፈረንሳይ የከሰሰችው በተበዳዮቹ ዜግነት ነው። ክሱ ከዓመታት በኋላ በፈረንሳይ ዳኞች ራሳቸው ተዘግቷል። ሆኖም የአፍሪካ መንግሥታት ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ክሱ የሚደርሰው አቅመ ደካማ በሆኑ አገሮች ባለሥልጣናት ላይ ሲሆን፣ ቤልጅየም ግን ክሱ ወደ ኃያላን ሲያመራ ሕጉን መሰረዟ እኩልነት እንደሌለ ለማሳየት በቂ ነው። የሌላው ወገን ክርክርም ክብደት አለው፤ በመሪዎች የተነሳው ቅሬታ የተጎጂዎችን ቅሬታ አይወክልም። የደብረ ማርቆስ ሟቾች ቤተሰቦች የሄግን ፍርድ እንደ ወረራ አላዩትም ለማለት አንድ ነገር ያስረዳል፤ ሥልጣኑን የተጠቀመው አገር ተጠርጣሪውን በምድሩ አግኝቶታል፤ ተጠርጣሪው ከሥልጣን ከወረደ ቆይቷል፤ በተከሰሰበትም ድርጊት የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ቀድሞ ጥፋተኛ ብሎታል። በሦስቱም የክርክር ነጥቦች ላይ ከጥርጣሬ የራቀ ክስ ነው።

ከዚህ የሚታየው በመግለጫ ላይ ያለው ልዩነት በጽሑፍ ካለው ይበልጥ ሰፊ መሆኑን ነው። የአፍሪካ ኅብረት ራሱ በ2012 ለአባላቱ ሞዴል ሕግ ሲያጸድቅ ዓለም አቀፋዊ ሥልጣንን አልሻረም፤ ወንጀሉ የተፈጸመበት አገር ፈቃደኛና ብቁ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጠው፣ ተጠርጣሪውም በፍርዱ ጊዜ በአገሩ ይገኝ ነው ያለው። አፍሪካ ሥልጣኑን ራሷ ተጠቅማበታለችም። የቀድሞው የቻድ መሪ ሂሴን ሃብሬ ሴኔጋል ተሰዶ ሳለ፣ ኅብረቱ በሰጠው አደራና ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2012 ሴኔጋል ትክሰስ ወይም አሳልፋ ትስጥ ብሎ በፈረደው መሠረት፣ ዳካር ላይ በተቋቋመ ልዩ ችሎት በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 17ም ከኢትዮጵያ ውጭ ዓለም አቀፍ ወንጀል የፈጸመ ማንኛውም ሰው በውጭ አገር የመጨረሻ ፍርድ ካላገኘ ኢትዮጵያ ውስጥ ሊዳኝ ይችላል ይላል።

በአፍሪካ አገሮች ጥያቄ ጉዳዩ በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ ገብቶ ከዚያ ወዲህ ስድስተኛው ኮሚቴ በየዓመቱ ይወያይበታል። አገሮች በሥልጣኑ ትርጉም፣ በሚሸፍናቸው ወንጀሎችና በአፈጻጸሙ ወሰን ላይ እስካሁን አልተስማሙም።